«ዕቃዎን በኮሚሽን ልሽጥልዎት» የሚል አጭር ደብዳቤ ለባለሱቅ እንዴት ይጻፋል?

«ደብዳቤውን እንዴት ልጻፈው?» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የቴሌግራም ቻናል ወይም የቲክቶክ ገጽ አላቸው። ተከታይም አላቸው። የሚሸጥ ዕቃ ግን የላቸውም፤ ዕቃ መግዣ ገንዘብም የለም። ስለዚህ አንድ ሱቅ ገብተው «ዕቃዎን እኔ ልሽጥልዎት፤ ከተሸጠው ላይ ኮሚሽን ይስጡኝ» ማለት ይፈልጋሉ። በቃል ሲሞክሩት ባለሱቋ ከደንበኛ ጋር እየተከራከሩ በግማሽ ጆሮ ሰምተው «እሺ፣ ሌላ ቀን ና» ይሏቸዋል። ሌላው ቀን አይመጣም።

ደብዳቤ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ባለሱቋ ማታ ሱቁን ዘግተው በእርጋታ ያነቡታል። ሥራውን አብሯቸው ለሚሠራው ልጃቸው ወይም ባለቤታቸው ያሳዩታል። ለዚህ ግን አጭር መሆን አለበት፤ ከአንድ ገጽ ካለፈ አይነበብም። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ሁለት ገጽ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስመለስ የሱቁ ጠረጴዛ አንድ እግር እንዳይወዛወዝ ታጥፎ ከሥሩ ገብቶ አገኘሁት።

እዚህ የምወስደው ምሳሌ ሽሮ ሜዳ ያለ የሀበሻ ልብስ ሱቅ ነው፤ እኔም የምሠራው እዚያው ስለሆነ። ጫማም ሆነ የቤት ዕቃ ብትሸጡ አካሄዱ ያው ነው። የገንዘብ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ታትሞ። የእጅ ጽሑፋችሁ የሚነበብ ከሆነ በእጅም ይሆናል።
- ካልኩሌተር (የስልካችሁ ይበቃል)።
- የቻናላችሁ የመጨረሻ 10 ፖስቶች የእይታ ቁጥር።
- የመታወቂያችሁ ኮፒ።
- አንድ ባለመስመር ደብተር።
- ከሱቁ አንድ ነገር ለመግዛት የሚበቃ ትንሽ ገንዘብ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

1. መጀመሪያ እንደ ደንበኛ ሂዱ

ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት ሱቁን እዩ። ትንሽ ነገር ግዙ፤ ነጠላም ሻሽም ቢሆን። በዚህ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ ባለሱቋ ፊታችሁን ያስታውሳሉ፤ ደብዳቤውም «ከሱቅዎ ነጠላ የገዛሁት ልጅ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ከማያውቁት ሰው የመጣ ወረቀትና ከደንበኛ የመጣ ወረቀት እኩል አይነበብም።

ሁለተኛና ዋናው፣ እውነተኛውን ዋጋ ትሰማላችሁ። ሽሮ ሜዳ ሁለት ዋጋ አለ፤ መጀመሪያ የሚጠራውና ከክርክር በኋላ የሚወርደው። ለአንድ ቀሚስ 7,000 ብር ተጠርቶ 6,200 ላይ ሊዘጋ ይችላል። ለሂሳባችሁ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። እናንተ ባትከራከሩም ቆም ብላችሁ ሌላው ደንበኛ በስንት እንደወሰደ ስሙ።

በዚያው ከ5 እስከ 8 የሚሆኑ ልብሶች በዓይናችሁ ምረጡ። ልብሶቹ ፎቶ ላይ የሚያምሩ፣ ጥለታቸው ከሩቅ የሚለይ ይሁኑ። ሱቁን በሙሉ ልሽጥ ማለት ስህተት ነው። ባለሱቋ አንድ መቶ ልብስ ፎቶ ሲነሳ ሲያስቡ ይደክማቸዋል፤ ስድስት ልብስ ግን «እስቲ ይሞከር» ያስብላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ቀን ፎቶ አታንሱ። ጥለት የሱቁ ገንዘብ ነው። አዲስ ጥለት ፎቶው ከወጣ ሌላ ሸማኔ በቀናት ውስጥ ሊያስመስለው ይችላል። ሳታስፈቅዱ ስልክ ካነሳችሁ ገና ደብዳቤው ሳይመጣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

2. ኮሚሽኑን በወረቀት ላይ አስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድበት።

ቀሚሱ ከክርክር በኋላ በ6,200 ብር ይሸጣል እንበል። እናንተ 10 በመቶ ልትጠይቁ አስባችኋል። ባለሱቋ በ6,200 የሚሸጡትን ልብስ በእናንተ በኩል በ6,200 ከሸጡ 620 ብር ከኪሳቸው ወጣ። ለምን ይስማማሉ? ስለዚህ ቻናሉ ላይ የሚወጣው ዋጋ ኮሚሽኑን መሸከም አለበት።

ብዙዎች 6,200 ላይ 10 በመቶ ጨምረው 6,820 ይላሉ። ልክ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ከ6,820 ላይ ነው፤ 682 ብር ይሆናል። ለባለሱቋ የሚቀረው 6,138 ነው። 62 ብር ጎደለ። ትንሽ ናት፤ ነገር ግን በሂሳብ ያደገ ነጋዴ ይቺን 62 ብር ወዲያው ያያታል። አንዴ ካየ ደግሞ የቀረውን ቁጥራችሁን ሁሉ ይጠራጠራል።

ትክክለኛው አሠራር ማካፈል ነው። 6,200ን ለ0.9 አካፍሉ፤ 6,889 ይመጣል። ወደ 6,900 አጠጋጉት። የ6,900 አሥር በመቶ 690 ነው። ለባለሱቋ 6,210 ይቀራል። ከለመዱት በ10 ብር ይበልጣል። ገዢውም መጀመሪያ ከሚጠራው 7,000 በታች ነው የሚከፍለው፤ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ተከራክሮ መድከሙም ቀረለት። 12 በመቶ ከሆነ ለ0.88፣ 15 በመቶ ከሆነ ለ0.85 ታካፍላላችሁ።

ስንት በመቶ ልጠይቅ ለሚለው መልሱ ያለው በተጠራው ዋጋና በሚዘጋው ዋጋ መሃል ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ልዩነቱ 800 ብር ነው። ኮሚሽናችሁ ከዚያ ውስጥ መግባት አለበት። 15 በመቶ ብትሉ ቀሚሱ ቻናል ላይ 7,300 ይሆናል፤ ሱቅ ሄዶ ከተጠራው የመጀመሪያ ዋጋ እንኳ በለጠ ማለት ነው። አይሸጥም።

ቀጥሎ ለእናንተ ያዋጣ እንደሆነ እዩ። በወር 6 ልብስ ብትሸጡ፣ አማካይ ዋጋው 5,000 ቢሆን፣ 30,000 ብር ተሸጠ። 10 በመቶው 3,000 ነው። ከዚያ ላይ የወር ኢንተርኔት ፓኬጅና ሽሮ ሜዳ የምትመላለሱበትን ታክሲ ቀንሱ። ሁለቱ 1,400 ከፈጁ የቀራችሁ 1,600 ነው። ለአንድ ሱቅ ይህ ነው። ቁጥሩ ካላስደሰታችሁ ደብዳቤውን ከመስጠታችሁ በፊት ማወቃችሁ ይሻላል።

አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሱቁ ቫት ይሰበስባል? የሚሰበስብ ከሆነ በ6,900 ውስጥ 900 ብሩ ቫት ነው፤ የባለሱቋ ገንዘብ አይደለም። ያኔ ኮሚሽኑ የሚሰላው ከ6,000 ላይ ሆኖ 600 ብር ይሆናል። ለእርሳቸው የሚቀረውም ስለሚለወጥ ሂሳቡን አብራችሁ እንደገና ሥሩት። ደብዳቤው ውስጥ «ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ» የምትል ሐረግ ጨምሩ።

3. ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ ወስኑ

ባለሱቋ ደብዳቤውን ሲያነቡ በልባቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ዕቃዬን ወስዶ ቢጠፋስ?» ስለ ተከታይ ብዛት የሚጽፍ ሰው ይህን ጥያቄ አልመለሰም።

ሦስት መንገድ አለ። አንዱ፣ ዕቃውን እናንተ ወስዳችሁ ሸጣችሁ ገንዘቡን መመለስ። የሚያውቋችሁ ካልሆኑ አይቀበሉትም፤ ልክም ናቸው። ሁለተኛው፣ ገዢው ለእናንተ ይከፍላል፤ እናንተ ኮሚሽናችሁን ቀንሳችሁ ለሱቁ ታስገባላችሁ። ይህ ለእናንተ ይመቻል፤ ለባለሱቋ ግን አሁንም እናንተን ማመን ነው። ሦስተኛው፣ ገዢው በቀጥታ ለሱቁ ይከፍላል፤ ዕቃው የሚወጣው ገንዘቡ ከገባ በኋላ ነው፤ ኮሚሽናችሁን በኋላ ትቀበላላችሁ።

ለመጀመሪያ ደብዳቤ ሦስተኛውን ምረጡ። አዎ፣ አሁን የሚያምነው እናንተ ሆናችሁ፤ ባለሱቋ ኮሚሽናችሁን ሊያዘገዩ ይችላሉ። ግን የሚጠፋባችሁ 690 ብር ነው፤ እርሳቸው የሚጠፋባቸው ሙሉ ቀሚስ ነው። ትንሹን አደጋ የሚሸከም ሰው ነው መጀመር ያለበት። ደግሞም ሂሳብ በየሳምንቱ የሚዘጋ ከሆነ የከፋው ነገር የአንድ ሳምንት ኮሚሽን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ገዢ የላከላችሁን ስክሪንሾት እንደ ክፍያ አትቁጠሩ። ስክሪንሾት ይሠራል፤ ቁጥሩም ስሙም ይቀየራል። በቴሌብር ከሆነ ባለሱቋ በራሳቸው ስልክ ከ127 የመጣውን መልእክት ያዩና ሂሳባቸው ውስጥ ገንዘቡ መኖሩን ያረጋግጣሉ። በባንክ ከሆነም እንደዚያው፤ አፑን ከፍተው ይዩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ አስገቡት። ስለ ውሸት ደረሰኝ ሰምተው የሚፈሩ ነጋዴዎች፣ እናንተ ቀድማችሁ ስታነሱት ይረጋጋሉ።

4. ዋጋ ላይ አትደርቡ

ይህ የደብዳቤው አንድ መስመር ነው፤ ግን ለብቻው ቁጥር ሰጠሁት፤ እኔ የወደቅኩበት ስለሆነ። ስጀምር ከአንዲት ባለሱቅ ጋር «የእኔ 5,000 ነው፤ አንተ በፈለግከው ሽጥ» ተባብለን ነበር። እኔም ጫን አድርጌ 6,500 አልኩ። ገዢዋ የልብሱን ፎቶ ይዛ ራሷ ሽሮ ሜዳ ሄደች፤ ሱቁን አገኘችው፤ 5,300 ተባለች። ቻናሌ ላይ መጥታ በሰው ሁሉ ፊት ጻፈችብኝ። ባለሱቋም «ስሜን አስጠፋህ» ብለው ተቀየሙኝ። አንድ ልብስ ሳልሸጥ ገዢም ሱቅም አጣሁ።

ስለዚህ ደብዳቤው «ዋጋውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም» ይበል። እንዲህ ሲሆን በሱቁና በቻናሉ መሃል ያለው ልዩነት የሚታወቅ ነው፤ ማንም አይደነግጥም።

5. ደብዳቤውን ጻፉ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትጠይቁ፣ ዕቃውና ገንዘቡ እንዴት እንደሚሄድ፣ ኮሚሽኑ በቁጥር፣ እንዴት እንደሚቆም፣ መቼ እንደምትመለሱ። የምትጠይቁት ነገር በመጀመሪያዎቹ አምስት መስመሮች ውስጥ ይግባ፤ እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው አለና።

ናሙናው ይኸውላችሁ፦

ቀን፦ 17/3/2018 ዓ.ም.

ለ፦ ወ/ሮ ____________
ሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የሱቅዎን ልብሶች በቴሌግራም በኮሚሽን ስለመሸጥ

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ____________ ይባላል። ባለፈው ሳምንት ከሱቅዎ ነጠላ የገዛሁት ልጅ ነኝ። የሀበሻ ልብስ ብቻ የሚወጣበት የቴሌግራም ቻናል አለኝ። አንድ ፎቶ ሳወጣ በአማካይ 900 ሰው ያየዋል። ከልብሶችዎ 6ቱን ለአንድ ወር በቻናሌ ላይ አውጥቼ እንድሸጥልዎት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።

ልብሱ ከሱቅዎ አይወጣም፤ እኔ ፎቶ ብቻ አነሳለሁ። ገዢ ሲገኝ ደውዬ ልብሱ መኖሩን እጠይቅዎታለሁ። ገዢው ገንዘቡን በቀጥታ በእርስዎ የቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ያስገባል። ልብሱን የሚሰጡት ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ስልክ ካዩ በኋላ ነው። የማድረሻውን ገዢው ይከፍላል።

ዋጋውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ከዚያ በላይ አልጠይቅም። በእኔ በኩል ከተሸጠ ልብስ ላይ 10 በመቶ ኮሚሽን ይከፍሉኛል። ለምሳሌ በ6,900 ብር ከተሸጠ 690 ለእኔ፣ 6,210 ለእርስዎ ነው። ካልተሸጠ ምንም አይከፍሉም። ሂሳባችንን በየሳምንቱ ሰኞ እንዘጋለን።

የልብሶችዎን ፎቶ ለሌላ ሱቅ አልሰጥም። «ይብቃ» ካሉኝ በዚያው ቀን ከቻናሌ አጠፋለሁ።

መልስዎን ለመስማት አርብ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ስም፦ ____________
ስልክ፦ ____________
የቻናሉ ስም፦ ____________

አለቀ። ግማሽ ገጽ ትንሽ ቢያልፍ ነው። አሁን ለምን እንዲህ እንደተጻፈ አንዳንዱን ላብራራ።

«በአማካይ 900 ሰው ያየዋል» ያልኩት ለምንድን ነው፣ 3,200 ተከታይ እያለኝ? ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ ዛሬ ሁሉም ያውቃል። የባለሱቋ ልጅ ቻናሉን ከፍታ ከፖስቱ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ካየች፣ የእይታው ቁጥር እዚያው አለ። 3,200 ተብሎ 200 እይታ ከተገኘ ሌላው ሁሉ ውሸት ይመስላል። የመጨረሻ 10 ፖስቶችን እይታ ደምሩና ለ10 አካፍሉ፤ የሚመጣውን ጻፉ። ትንሽ ቢሆንም ጻፉት። ቲክቶክ ከሆነም እንደዚሁ አድርጉ፤ አንድ የፈነዳ ቪዲዮ ብቻ አትጥቀሱ።

«ደውዬ ልብሱ መኖሩን እጠይቅዎታለሁ» የምትለዋ ለሁለታችሁም ናት። የሀበሻ ልብስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓይነት አንድ ብቻ ነው ያለው። እናንተ ቻናል ላይ «አለ» ስትሉ ሱቅ ውስጥ ሰው እየለካው ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ የቆመ ገዢ ይቅደም። ካልሆነ ባለሱቋ እጃቸው ላይ ያለ ገንዘብ አስመልሰው የእናንተን ገዢ እንዲጠብቁ መጠየቅ ነው። ማንም አይጠብቅም።

«ለአንድ ወር» እና «6 ልብስ» የሚሉት የባለሱቋን ፍርሃት ያሳንሳሉ። ማለቂያ የሌለው ነገር እሺ ከማለት፣ ማለቂያው የታወቀውን መሞከር ይቀላል።

ፎቶ ለሌላ ሱቅ አልሰጥም ስትሉ ቃላችሁን የምትጠብቁበት መንገድም ይኑራችሁ። ቴሌግራም ቻናል ላይ `Restrict Saving Content` የሚል ማብሪያ አለ፤ ሲበራ ፎቶው ፎርዋርድ አይደረግም፣ ስልክ ላይም አይወርድም። ጉዳቱ ግን ደንበኛችሁም ለእህቷ መላክ አትችልም፤ ሽያጭ ይቀንሳል። በሌላ ስልክ የሚያነሳንም አያቆምም። እኔ ማብሪያውን አልጠቀምም፤ ይልቅ ጥለቱን በጣም አቅርቤ አላነሳም። ልብሱ ተለብሶ ሙሉው ሲታይ ይበቃል። ባለሱቋ አጥብቀው ከጠየቁ ግን አብሩት።

6. በትክክለኛው ቀንና ሰዓት ስጡ

ለጥምቀትና ለገና ገበያ ከሆነ ደብዳቤው ኅዳር ላይ ይድረስ። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል፤ ገበያው ቀዝቀዝ ይላል፤ ባለሱቅ ሰው ለማናገር ጊዜ አለው። ከገና በፊት ባለው ሳምንት ብትሄዱ ግን ማንም ቀና ብሎ አያያችሁም። የእንቁጣጣሽም እንዲሁ ነው፤ ሐምሌ እንጂ የነሐሴ መጨረሻ አይሁን።

ከሳምንቱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ምረጡ። ቅዳሜ አትሂዱ። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ሱቅ እንደተከፈተ አትግቡ። ገና ሳይገበዩ ለሌላ ጉዳይ የመጣ ሰው ሲያዩ ደስ የማይላቸው ነጋዴዎች አሉ።

ስትሰጡም ንግግር አታብዙ። «እትዬ፣ ይቺን ሲመችዎት ያንብቡልኝ፤ አርብ እመለሳለሁ» ይበቃል። ባለቤቱ ወንድ ከሆኑ «ጋሼ» በሉ። ሱቁ ውስጥ የምትቆመው ልጅ ባለቤት ካልሆነች ወረቀቱን ለእሷ ትታችሁ አትሂዱ፤ ባለሱቋ መቼ እንደሚኖሩ ጠይቃችሁ ተመለሱ።

አርብ ያላችሁት አርብ ሂዱ። «ገና አላነበብኩትም» ቢሉ አትከፉ፤ ሁለተኛውን ቅጂ አውጥታችሁ «ሁለት ደቂቃ ነው» በሉና እዚያው ይነበብ። ሁለት ቅጂ ያልኩት ለዚህም ነው።

7. እሺ ካሉ በኋላ

በሁለቱም ቅጂ ግርጌ «ተስማምተናል» ብላችሁ ቀን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ አንዱ ለእርሳቸው፣ አንዱ ለእናንተ። የመታወቂያችሁን ኮፒ ሳይጠየቅ ስጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ልብስ ቁጥር ስጡት፤ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ መስቀያው ላይ እሰሩ፤ ቻናል ላይም በዚያው ቁጥር አውጡት። «ያ ነጩ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው» ተባብላችሁ በስልክ ስታወሩ የሚሸጠው ሌላ ነጭ ነው።

ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉ፦ ቀን፣ የልብስ ቁጥር፣ የተሸጠበት ዋጋ፣ ኮሚሽን። በተሸጠ ቁጥር ሞልታችሁ ለባለሱቋ በቴሌግራም ወይም በጽሑፍ መልእክት ላኩላቸው፦ «ዛሬ ቁጥር 3 በ6,900፤ የኔ 690።» ሰኞ ላይ ክርክር የሚነሳው የተጻፈ ነገር ሲጠፋ ነው።

ስለ መመለስ ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ልክ ካልሆነ ይቀየራል ወይ? በልክ የሚሰፋ ከሆነስ? እኔ የምሠራበት ሱቅ ያለቀውን በሦስት ቀን ውስጥ ይቀይራል፤ በልክ የተሰፋውን አይቀይርም። ቻናሉ ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ። በልክ ለሚያዙ ደረት፣ ወገብና ቁመት በሴንቲሜትር ተቀበሉ፤ በተለይ ገዢዋ ውጭ አገር ሆና ዘመድ እዚህ የሚረከብላት ከሆነ። «ሚዲየም ነኝ» የሚለው ሰፊ ዘንድ አይሠራም። ልብስ ተመልሶ ገንዘብ ከተመለሰ ኮሚሽናችሁም ይመለሳል፤ በደብተሩ ላይ ሰርዙት።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

«ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ መጀመር። ሱቅ እንጂ መሥሪያ ቤት አይደለም። ስማቸውን ጎረቤት ሱቅ ጠይቃችሁ ጻፉ።

አንዱን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አድርጎ በአንድ መስመር ላሉ አሥር ሱቆች ማደል። ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ ጎን ለጎን ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወረቀቱን አነጻጽሯል። «ለሌላ ሱቅ አልሰጥም» የሚለው ቃላችሁም ሳቅ ይሆናል። አንድ በአንድ ሂዱ፤ እምቢ ሲሉ ወደሚቀጥለው።

«ዲጂታል ማርኬቲንግ»፣ «ብራንድ»፣ «ኢንጌጅመንት» እያሉ መጻፍ። እነዚህ ቃላት ከኮሚሽኑ ሌላ ገንዘብ ሊጠየቅ ነው የሚል ጥርጣሬ ያስነሳሉ። «ልሽጥልዎት» በሉ።

«ቢያንስ በወር 20 ልብስ እሸጣለሁ» ብሎ ቃል መግባት። አታውቁትም። አራት ከሸጣችሁ አራቱ ጥሩ ነበሩ፤ 20 ካላችሁ በኋላ ግን አሥራ ስድስት ጎደለ።

የኮሚሽኑን ቁጥር «እንነጋገራለን» ብሎ ማለፍ። ባለሱቋ ብዙ ሊጠየቁ ነው ብለው ያስባሉ። 10 ከሆነ 10 ተብሎ ይጻፍ፤ ወደ 8 ቢያወርዱት እንኳ ከቁጥር ተነስታችሁ ነው የምትነጋገሩት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የአንድ ወር ሙከራው አልፎ በቋሚነት የምትሠሩት ከሆነ፣ በኮሚሽን መሸጥ ንግድ ነውና የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በየትኛው ዘርፍ እንደሚመዘግቧችሁ ጠይቁ። ለገዢው ደረሰኝ የሚቆርጠው ግን ምንጊዜም ሱቁ ነው፤ ልብሱ የእርሳቸው፣ ገንዘቡም የገባው ለእርሳቸው ስለሆነ። ገዢ ደረሰኝ ሲጠይቃችሁ በራሳችሁ ወረቀት ጽፋችሁ አትስጡ፤ ከልብሱ ጋር በፌስታሉ ውስጥ እንዲገባ ባለሱቋን አስታውሷቸው።